በልጅ ቦርሳ የሚሄድ ደብዳቤ

ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ድሬዳዋ ያለውን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሰዓት በኋላ ሰው ከቤቱ አይወጣም። እኔም ከዚራ ሰፈር ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተጋድሜ ነበር። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በባጃጅ መጣች። ዛሬ የአንድ የግል ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት። ቢሆንም እስካሁን «ቲቸር» ነው የምትለኝ።

«ቲቸር፣ ይህን እይልኝ። ነገ ነው የሚበተነው» አለችና አንድ ወረቀት ሰጠችኝ።

ከነማኅተሙ ያለቀለት ደብዳቤ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም ትቼ እንዳለ ልጻፈው።

«ለተማሪ ወላጆች በሙሉ። ጉዳዩ፦ የክፍያ ጭማሪን ስለማሳወቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በዓለም አቀፍ ደረጃም ሆነ በአገራችን በተከሰተው የኑሮ ውድነት ምክንያት ትምህርት ቤታችን የተሻለ የመማር ማስተማር ሂደት ለማስቀጠል እንዲችል መጠነኛ የክፍያ ጭማሪ ማድረግ አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህም መሠረት በወላጆች ሙሉ ስምምነት ከመስከረም ወር ጀምሮ ወርሃዊ ክፍያ 3,100 ብር እንዲሆን ተወስኗል። ይህንኑ ተገንዝባችሁ ክፍያውን በወቅቱ እንድትፈጽሙ በጥብቅ እያሳሰብን፣ ክፍያ ያልተፈጸመለት ተማሪ ወደ ግቢ የማይገባ መሆኑንና ለሚፈጠረው ችግር ትምህርት ቤቱ ኃላፊነቱን የማይወስድ መሆኑን እናሳውቃለን። ከሰላምታ ጋር።»

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ያልደረሰው ወላጅ ያለ አይመስለኝም። እኔም በሥራ ዘመኔ ስንቱን ጽፌያለሁ። «ምን ሆነ ታዲያ?» አልኳት።

«ምንም አልሆነም። ትናንት ለጸሐፊያችን ሰጠኋት። አንብባ ዝም አለች። ልጇ እኛ ጋ ነው የሚማረው።»

ያ ዝምታ ነው ወደኔ ያመጣት።

መጀመሪያ ያነሳሁባት ነገር ከቃላቱ በፊት የሚመጣ ነው። ይህ ደብዳቤ በምን ይሄዳል? በልጅ ቦርሳ። ማን ነው መጀመሪያ የሚያነበው? ልጁ። ባጃጅ ውስጥ አውጥቶ ያነበዋል፣ ጓደኞቹ አንገታቸውን አስግገው ያነቡታል። ማታ ደግሞ ፊደል ለማትለይ አያቱ ጮክ ብሎ የሚያነብላት ራሱ ነው። አሁን የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሆነሽ «ወደ ግቢ የማይገባ መሆኑን» የሚለውን ለአያትሽ አንብቢላት አልኳት። ዝም አለች። አየሽ፣ ጸሐፊዋም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ያ ዓረፍተ ነገር ለወላጅ የተጻፈ ይመስላል፤ ቅጣቱን የሚቀበለው ግን ልጁ ነው። በዚያ ላይ አይሠራም። ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ በር ላይ ቆሞ እንደተመለሰ ጠየቅኋት። 14 ልጆች ናቸው አለች። ከእነሱ ውስጥ ክፍያው በዚያው ሳምንት የመጣው ስንት ነው? ለማስታወስ ሞከረች፤ ሁለት ቢሆን ነው። የቀረው ወላጅ ደመወዙ ሲመጣ ነው የከፈለው፤ ልጁ ቢቆምም ባይቆምም።

ከዚያ ወደ ምክንያቱ ሄድን። «የኑሮ ውድነት» ይላል ደብዳቤው። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ የወረቀት ዋጋ ምን እንደሆነ ትምህርት ቤት የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ ያውቃል። ግን ዘይቱንና ጤፉን የሚገዛው ወላጅ አያውቅም? ኑሮ ተወደደ ብለህ ከወላጅ ብር ስትጠይቅ ለእሱ መከራከሪያ እየሰጠኸው ነው። «እኔም ተወዶብኛል፣ እንዲያውም ቀንሱልኝ» ቢል መልስ የለህም። ትምህርት ቤቱ ብቻ የሚያውቀውን፣ ወላጁ ደግሞ የማያየውን ምክንያት ነው መጻፍ ያለብሽ አልኳት።

«መጠነኛ» የሚለውንም ሰረዝኩት። ለማን ነው መጠነኛ? ክፍያው 2,400 ነበር፣ 3,100 ሊሆን ነው። ሦስት ልጅ ላለው ሰው በወር 2,100 ብር ተጨማሪ ነው። ያ ሰው «መጠነኛ» የሚለውን ሲያነብ የሚናገረውን እዚህ አልጽፈውም። ደብዳቤው ደግሞ ጭማሪው ስንት እንደሆነ የትም ቦታ አይናገርም። አዲሱን ክፍያ ብቻ ጽፎ ልዩነቱን ለወላጁ ማስላት ትቶለታል። ሰው ራሱ ቀንሶ ያገኘው ቁጥር የደበቁት ቁጥር ነው የሚመስለው።

«በወላጆች ሙሉ ስምምነት» የሚለው ላይ ግን ትንሽ ተቆጣሁ። ስብሰባ ተጠርቶ ነበር፣ ቃለ ጉባኤም አለ። ከ310 ቤተሰብ 90 ያህሉ መጡ። ከመጡትም ያልተስማሙ ነበሩ። ደብዳቤውን የሚያነቡት ብዙዎቹ ያልመጡት ናቸው፤ «ሙሉ ስምምነት» የሚለውን ሲያነቡ እኛ መቼ ተስማማን ብለው ይጠይቃሉ። ተቃውመው የነበሩት ደግሞ ይህችን አንድ ቃል ይዘው የቀረውን ሁሉ ውሸት ያደርጉታል።

ዳይሬክተሯ ወረቀቱን ይዛ ሄደች። በማግስቱ አዲስ ይዛ መጣች። አሁን ደግሞ ሌላ ጥግ ነው። «ይህን ለመጻፍ እጃችን ተንቀጥቅጧል»፣ «ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን»፣ «ወደፊት ሁኔታዎች ሲሻሻሉ ክፍያውን ለመቀነስ እንሞክራለን»። ልስላሴው አይጣል ነው። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ደርሼ ክፍያው ስንት እንደሆነ አላገኘሁም።

አቦ፣ ይህች ከተማ የንግድ ከተማ ናት። ታይዋን ገበያ ውስጥ «እንሞክራለን» ያለ ነጋዴ መጀመሪያ የጠራው ዋጋ የውሸት ነው ማለት ነው። ይህን ደብዳቤ ያነበበ ወላጅ ሁሉ ሊከራከር ይመጣል፤ ጮክ ብሎ የተከራከረው ይቀነስለታል፣ ዝምተኛዋ እናት ሙሉውን ትከፍላለች። ሰውን የሚጎዳው ይህ ነው። እኛ አገር የተቸገረ ሰው «ቁርጡን ንገሩኝ» ነው የሚለው። ቁርጡን ካወቀ ዕቁብ ይገባል፣ ወንድሙን ይጠይቃል፣ ወይም ልጁን ያዛውራል። ይቅርታ ደግሞ የሚጠየቀው በጥፋት ነው። ለመምህር ደመወዝ መጨመር ጥፋት ከሆነ ለምን ታደርጉታላችሁ?

ስለዚህ ቃሉን ትተን ሒሳቡን ይዘን ተቀመጥን። ደብዳቤ ስንጽፍ የዋልን አይመስልም ነበር፤ በረንዳው ላይ ካልኩሌተር ነው የነበረው።

ተማሪው 420 ነው። በልጅ 700 ብር ሲጨመር፣ ወላጅ የሚከፍለው አሥር ወር ስለሆነ በዓመት 2,940,000 ብር ይመጣል። ወጪውስ? 36 መምህራንና ሠራተኞች በአማካይ 4,000 ብር ሊጨመርላቸው ነው። አሠሪው የሚከፍለው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ አለበት። ይህ ትምህርት ቤት ክረምቱንም ደመወዝ ይከፍላል፤ ስለዚህ በ12 ወር ሲባዛ 1,918,080 ብር ይሆናል። የግቢው ባለቤት ውሉን ሲያድስ በወር 50,000 ብር ጨምሯል፤ በዓመት 600,000። የሚተርፈው ወደ 422,000 ብር ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ብዙ ወላጅ የሚያሰላው በአሥር ወር ነው። ትምህርት ቤቱ የሚከፍለው በ12 ወር ነው። «ይሄን ሁሉ ብር ምን ያደርጉታል?» የሚለው ጥያቄ ግማሹ የሚመጣው ከእነዚህ ሁለት ወራት ነው። በስብሰባውም የተጠየቀው ይኸው ነበር፤ ማንም በቁጥር አልመለሰም።

ለአንድ ወላጅ በሚገባው መንገድ እንከፋፍለው ብለን ከ700 ብሩ ላይ አሰላነው። ወደ 460 የሚሆነው ለደመወዝና ለጡረታ፣ ወደ 140 የሚሆነው ለኪራይ፣ 100 ብር ለቀረው ሁሉ።

ርኅራኄው ያለው በዚህ 100 ብር ውስጥ ነው። ዳይሬክተሯ «ከሁለተኛ ልጅ ጀምሮ የጭማሪውን ግማሽ እንተው» ብላ ነበር። ሁለተኛና ከዚያ በላይ የሆኑት ልጆች 110 ናቸው። በእያንዳንዱ 350 ብር በአሥር ወር ሲተው 385,000 ብር ይሄዳል፤ ለወረቀትና ለውሃ የቀረ ነገር የለም። ታኅሣሥ ላይ ቃሏን ልታጥፍ ነው። ሦስተኛና ከዚያ በላይ የሆኑት ግን 25 ልጆች ብቻ ናቸው። ለእነሱ ጭማሪው ሙሉ በሙሉ ቢቀር 175,000 ብር ነው። ይቻላል። ከዚህ ሌላ እስከ 15 ልጅ ድረስ ለአንድ መንፈቀ ዓመት በድሮው ክፍያ ቢማር 52,500 ብር ይሆናል። ይህም ይቻላል። ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ደብዳቤው ላይ አንጽፍም፤ ከጻፍነው ውድድር ይሆናል። እሷ ግን ልታውቀው ይገባል፤ ካላወቀች አሥራ ስድስተኛው ሰው ሲመጣ ፊቷ ይቀየራል።

ከትምህርት ቤቱ ባለቤት ጋር የነበረው ክርክር አንድ ቀን ፈጀ። ሰውየው «ልጅ አይገባም የሚለው ከወጣ ማን ይከፍላል?» አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የ14ቱን ልጆች ነገር ነገረችው። ከዚያ ቅጣቱን ከበሩ ላይ አንስተን መንፈቀ ዓመቱ የሚለወጥበት ምዝገባ ላይ አደረግነው። እዚያ ላይ የሚቆመው ወላጁ ነው፣ ጊዜም አለው። ባለቤቱ አጉረምርሞ ፈቀደ።

በመጨረሻ የተላከው ይህ ነው።

«ውድ ወላጆች፣

ከመስከረም ጀምሮ የአንድ ተማሪ ወርሃዊ ክፍያ ከ2,400 ብር ወደ 3,100 ብር ከፍ ይላል። ጭማሪው በወር 700 ብር፣ በአሥር ወር 7,000 ብር ነው። እስከሚቀጥለው ሰኔ ድረስ ሌላ ጭማሪ አይኖርም።

ከ700 ብሩ 460 ያህሉ ለመምህራንና ለሠራተኞች ደመወዝና ጡረታ ይውላል። ዘንድሮ አራት መምህራን በደመወዝ ምክንያት ለቀውብናል፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ለአምስት ሳምንት ያለ ሒሳብ መምህር ቆይተዋል። 140 ያህሉ ለግቢው ኪራይ ነው፤ በወር 50,000 ብር ተጨምሮብናል። የቀረው 100 ብር ለወረቀት፣ ለውሃና ከዚህ በታች ለተጻፈው ቅናሽ ነው። ደመወዝና ኪራይ የምንከፍለው ክረምቱን ጨምሮ 12 ወር መሆኑን ልብ በሉልን።

በጠራነው ስብሰባ 90 ያህል ወላጆች ተገኝተዋል። ሁሉም አልተስማሙም። ብዙ ልጅ ያለው ቤተሰብ እንዲታሰብለት ያቀረቡትን ሐሳብ ተቀብለን፣ ሦስተኛና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ በድሮው 2,400 ብር እንዲማር ወስነናል።

በየወሩ 700 ብር መጨመር ለብዙ ቤት ከባድ ነው። መጠኑ የተቆረጠ ነው። አከፋፈሉን ግን መነጋገር እንችላለን። የወሩን ክፍያ በ5 እና በ20 ሁለት ጊዜ ከፍሎ መክፈል ይቻላል፤ ለዚህ ማስፈቀድ አያስፈልግም። ከዚህም በላይ ችግር ያለበት ወላጅ እስከ ሐምሌ 15 እኔን ራሴን ያነጋግረኝ። የተነጋገርነው በመካከላችን ይቀራል።

ክፍያ ሲዘገይ የምንደውለው ለወላጅ ነው። ተማሪ በክፍያ ምክንያት ከበር አይመለስም፣ በክፍል ውስጥም አይጠየቅም። የሁለት ወር ክፍያ ካለፈና ስምምነት ካልተደረገ ግን የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ምዝገባ አይታደስም።

ልጁን ለማዛወር የወሰነ ወላጅ መሸኛውን በጠየቀ ዕለት እንሰጣለን።»

ከሥሩ ስሟ፣ ፊርማዋና የእጅ ስልኳ አለ። «ማኅተም ብቻ ይበቃል» ብላ ነበር። «ወስነናል» ብለሽ ጽፈሽ ማን እንደወሰነ ካልታወቀ ያው «ተወስኗል» ነው አልኳት። ጀርባው ላይ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ አራት አራት መስመር አስገባን፤ ቁጥሮቹ፣ የሦስተኛው ልጅ ቅናሽ፣ የስልክ ቁጥሩ። አማርኛ የማያነብ ወላጅ ልጁ የሚተረጉምለትን ብቻ እንዳይይዝ ነው።

አንድ ክርክራችን ደግሞ «እናንተ» የሚለው ላይ ነበር። ድሬ ላይ ሽማግሌውንም «አንተ» ብለን ነው የምናወራው፤ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ይደነግጣል። ወረቀት ላይ ግን «አንተ» አይሆንም፣ «ክቡራን» ደግሞ ራቀብን። «ውድ ወላጆች» ብለን በ«እናንተ» ጨረስነው።

ደብዳቤው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሄደ። ትምህርት ሳይዘጋ መሆኑ ጠቅሟል፤ የመጀመሪያው ረቂቅ ዘግይቶ ነሐሴ ላይ ቢወጣ ኖሮ ወላጁ ሌላ ትምህርት ቤት የሚፈልግበት ጊዜ አያገኝም ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት 40 የሚሆን ስልክ ተደወለላት። የተናደደም ነበረ። አንዱ አባት ደብዳቤውን ይዞ መጥቶ ስለ ኪራዩ ብቻ ተከራከረ፣ ውሉን አሳዩኝ አለ፤ አሳየችው። ስለ መጠኑ ግን ቀንሱልኝ ያለ ጥቂት ነው።

ያልሠራው ደግሞ እኔ የጻፍኩት ነው። «ችግር ያለበት ወላጅ ያነጋግረኝ» የሚለው። በሁለት ሳምንት ሁለት ሰው ብቻ መጣ። እኔ ጥሩ ነው ብዬ፣ ተቻለ ማለት ነው አልኩ። እሷ ናት የገባት። የዘበኛው እህት ልጆቿ እዚያ ይማራሉ። «ችግረኛ ተብዬ ልመዘገብ?» አለች አሉ። እውነቷን ነው። «ችግር ያለበት» ብለህ ጠርተህ ማን ይመጣልሃል? ሰዓቱም አልሆነም። ቢሮው የሚከፈተው ሰው ሥራ ላይ ባለበት ጠዋት ነው፣ ከሰዓት ደግሞ በዚያ ሙቀት ማንም አይንቀሳቀስም።

ሐምሌ 3 ላይ በቴሌግራም ሌላ አጭር መልእክት ላከች። «ጭማሪውን ከመስከረም መጀመር የማይመቻችሁ ወላጆች፣ ሌላ ጊዜ ቆርጠን መጀመር እንችላለን። ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ማታ ቢሮ አለሁ፣ ወይም ደውሉልኝ።» በአሥር ቀን 13 ሰው መጣ። ብዙዎቹ እናቶች ናቸው፤ ቀፊራ ገበያ ውለው የሚመለሱ። ከእነሱ ስምንቱ የጠየቁት ቅናሽ አይደለም፤ ክፍያውን ከወሩ መጨረሻ ወደ 10ኛው ቀን እንድታዞርላቸው ነው።

መስከረም ላይ 11 ልጆች አልተመለሱም። ሦስቱ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት፣ የቀሩት ቤተሰባቸው ከተማ ስለቀየረና ክፍያው ስለከበዳቸው ነው። መሸኛቸውን በጠየቁበት ዕለት ወስደዋል። አንደኛዋ እናት ወረቀቱን ስትቀበል «ልጄ ግን በር ላይ አልቆመም» ብላት ሄደች።